የቡና መፈልፈያ፦ ኪራይ ወይስ ግዢ?

ጅማ ላይ የእሸት ቡና መፈልፈያ የሚፈልግ ድርጅት ማሽኑን በ1 ሚሊዮን ብር መግዛት፣ ወይም ለ5 ዓመት በዓመት 260 ሺህ ብር መከራየት ይችላል እንበል። ኪራዩን በ5 አባዝቶ «1.3 ሚሊዮን ነው፣ ውድ ነው» ማለት ያሳስታል፤ ከዓመታት በኋላ የሚከፈል ብር የዛሬውን ያህል አይመዝንም።

በ15 በመቶ ወለድ ሲሰላ፣ በየዓመቱ መጀመሪያ የሚከፈል ኪራይ የዛሬ ዋጋው 1,002,000 ብር ገደማ ነው። የተገዛው ማሽን ከ5 ዓመት በኋላ 300 ሺህ ቢሸጥና ከእርጅና ተቀናሽ በኋላ በሂሳብ መዝገብ ላይ የቀረው ዋጋው 100 ሺህ ቢሆን፣ በልዩነቱ ላይ 30 በመቶ ግብር ተነስቶ 240 ሺህ ይቀራል። ይህም ዛሬ 119 ሺህ ብቻ ነው፤ ከ1 ሚሊዮኑ ሲቀነስ ግዢው 881 ሺህ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ መግዛት ይሻላል። ኪራዩ በዓመቱ መጨረሻ የሚከፈል ከሆነ ግን 872 ሺህ ይሆንና ውጤቱ ይገለበጣል! (ከኪራይ ወጪና ከእርጅና ተቀናሽ የሚገኘው የግብር ጥቅም እዚህ አልተካተተም።)