ሙቀጫና ጀበና ወይስ የእጅ ወፍጮና የወረቀት ማጣሪያ?

ጅማ ውስጥ በቤቱ ቡና የሚቆላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠጣውም ወዲያው ነው። ምርጫውን የሚወስነው ይኸው ነው፤ አሁን የተቆላ ፍሬ ብዙ ጋዝ አምቆ ይይዛል።

ጀበና ውስጥ ጋዙ በፍላቱ ይወጣል። ችግሩ ቶሎ መገንፈሉ ስለሆነ እስከ አንገቱ አትሙሉት፤ ሽቅብ ሲል ከእሳቱ አውርዱት። ሙቀጫ ድቃቁንና ሻካራውን ቢደባልቅም፣ ጀበናው አምስት ደቂቃ ያህል ካረፈ አተላው ይሰክናል።

በወረቀት ማጣሪያ ግን ያው ጋዝ ውሃውን ይገፋል። ቡናው አረፋ ደፍቆ ያብጣል፣ ውሃው በጎን ያመልጣል፣ ስኒው ቀጭንና ጎምዛዛ ይሆናል። ስለዚህ ከተቆላ በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን አቆዩት። ለ15 ግራም ቡና 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ያዙ፤ መጀመሪያ 40 ሚሊ ሊትር ብቻ አፍስሳችሁ 40 ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ቀሪውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ሁሉም ሦስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ መውረድ አለበት። ከአራት ካለፈና ከመረረ ወፍጮውን ሻከር አድርጉት።

እዚህ ሙቀጫ አይሆንም፤ ድቃቁ ወረቀቱን ይደፍነዋል። በምላጭ የሚፈጨው ኤሌክትሪክም ያው ነው። ገንዘቡን ጥርሱ የሚስተካከል የእጅ ወፍጮ ላይ አውሉት፤ የማጣሪያ ወረቀቱ መያዣ ፕላስቲክ ቢሆን ይበቃል። በቆሉበት ቀን ለሚጠጡ ግን ምርጫችን ጀበና ነው።