ስፕሪንጉ ላይ ልግዛ ወይስ ቴስቱን ልጠብቅ?

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያሉ ወዳጆቼ ቻርት እየላኩ የሚጠይቁኝ ያው አንድ ነገር ነው። «ዋጋው ከሬንጁ፣ ማለትም ሲዋልልበት ከከረመው ክልል፣ በታች ወርዶ ተመለሰ፤ አሁን ልግባ ወይስ ልቆይ?» እኔ ቆይ ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ግን ሬንጁ ውስጥ ምን እየተሠራ እንደሆነ ይታወቅ። ቡሬ ላይ በቆሎ የሚሰበስብ ነጋዴ ዋጋው እንዳይወጣበት ድምፁን አጥፍቶ ጥቂት ጥቂት ይገዛል። ትልቅ ገንዘብም ሲያከማች እንዲሁ ነው። ያኔ ዋጋው ሲወጣ ቮልዩሙ፣ ማለትም የሚገበያየው ብዛት፣ ያድጋል፤ ሲወርድ ይደርቃል። እያራገፈ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ መውጫው ላይ ቮልዩም ይሳሳል፣ መውረጃው ላይ ይወፍራል።

አንድ አክሲዮን በ50 እና በ60 ዶላር መካከል ከርሟል እንበል። ድንገት 48.80 ይወርዳል። ከ50 በታች የተቀመጡ ስቶፖች፣ ማለትም ኪሳራ መቁረጫ ትዕዛዞች፣ ተጠራርገው ይሸጣሉ፣ ትልቁ ገዢ ይለቅማቸዋል፣ ዋጋው 50.40 ላይ ይዘጋል። ስፕሪንግ ይኸ ነው።

እዚያው 50.40 ላይ ከገዛችሁ ስቶፑ 48.50 ነው፤ በአንድ አክሲዮን 1.90 ዶላር ታስይዛላችሁ። ቴስቱን፣ ማለትም ዋጋው ተመልሶ 50ን የሚፈትንበትን፣ ብትጠብቁስ? ዋጋው 52.50 ወጥቶ ወደ 49.90 ይመለሳል፣ ቮልዩሙ ከስፕሪንጉ ቀን ከግማሽ በታች ይሆናል። ሻጭ አልቋል ማለት ነው። 50.50 ላይ ገብታችሁ ስቶፑን 49.60 ብታደርጉ የምታስይዙት 0.90 ብቻ ነው። ለ20 ዶላር ኪሳራ በስፕሪንጉ 10 አክሲዮን፣ በቴስቱ 22 ትይዛላችሁ። የመግቢያ ዋጋው የ10 ሳንቲም ልዩነት ብቻ እያለው!

ጉዳቱ፣ ቴስቱ አንዳንዴ አይመጣም፤ ዋጋው ጥሎን ይሄዳል። ስለዚህ 50 የተሰበረው በቀጭን ቮልዩም ከሆነና ወዲያው ከተመለሰ፣ ጥቂት መግዛት አይከፋም። በወፍራም ቮልዩም ከተሰበረ ግን ሻጩ ገና አለ። ቴስቱ ላይም ቮልዩሙ ካልቀነሰ አትንኩት።

አፕትረስት የዚህ ግልባጭ ነው። ዋጋው 61.30 ወጥቶ 59.40 ይዘጋል፤ ከ60 በላይ ተቻኩሎ የገዛው ሁሉ ይታሰራል። ሾርት ማድረግ፣ ማለትም ዋጋው ሲወርድ የሚያተርፍ ንግድ መክፈት፣ ለማትችሉ ጥቅሙ አንድ ነው፦ የያዛችሁትን መሸጫ ምልክት።

«ስፕሪንግ አሳያለሁ» የሚል ኢንዲኬተር ግን አትግዙ። ፍኖተ ሰላም ያለ ወዳጄ 3,000 ብር ከፍሎበት ቻርቱን ሲያድሰው የትናንቱ ቀስት ቦታ ቀይሯል። ካለፈ በኋላ ማንም ያውቃል፤ ቮልዩም በነጻ ነው የሚታየው። የዩሮና የዶላር ቻርት ላይ ግን የምታዩት ቮልዩም ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተቀየረ እንጂ ስንት እንደተገዛ አይነግራችሁም። እዚያ ቴስቱን ሳላይ ንክች አላደርግም።