ቆዳ፣ ብረት፣ ጎማ ወይስ ናይለን? የእጅ ሰዓት ማሰሪያ ከመግዛታችሁ በፊት

«ሰዓቱ ደህና ነው፣ ማሰሪያው ብቻ ተበላሸ፤ የቱን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ከጓደኛም ከዘመድም አይጠፋም። መልሱን በአጭሩ ላስቀድም፦ ለዘወትር ናይለን፣ ለክት አንድ ደህና ቆዳ። ብረት ጥሩ የሚሆነው ከሰዓቱ ጋር አብሮ የመጣ ከሆነ ነው። ጎማ ደግሞ ለስፖርትና ለዋና ነው፤ ከዚያ ውጪ አልመክረውም።

ከዋጋ እንጀምር። ሻጩ የሚጠራው ብር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ማሰሪያው ለሚያገለግልበት ወር ማካፈል ያስፈልጋል። ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ለስሌት ያህል እንዲህ እንበል። በ400 ብር የተገዛ «ቆዳ» በአራት ወር ቢላላጥ በወር 100 ብር ወሰደ። በ1,500 ብር የተገዛ እውነተኛ ቆዳ፣ ለክት ብቻ እየታሰረ ሁለት ዓመት ቢቆይ በወር 63 ብር ገደማ ነው። እያንዳንዳቸው 300 ብር የሆኑ ሁለት ናይለኖች እየተፈራረቁ ሁለት ዓመት ቢያገለግሉ ደግሞ በወር 25 ብር። የእጅ ዋጋም አለ። ያንን ርካሽ ቆዳ በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ስትገዙ ለሰዓት ሰሪውም ስድስት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ናይለኑን ግን ራሳችሁ በደቂቃ ታስገቡታላችሁ።

ገንዘብ በብዛት የሚባክነው በቆዳው ላይ ነው። ጀርባው ላይ «ጀንዩን ሌዘር» የሚል ማኅተም መኖሩ ዋስትና አይደለም፤ ማኅተሙን ማንም ያትመዋል፣ ከቆዳ ብናኝና ከሙጫ በተጋገረ ነገር ላይም ይገኛል። ጠርዙን ማየትም አይበቃም፣ በቀለም ይሸፈናልና። ማየት ያለባችሁ የዘለበቱን ቀዳዳዎች ነው። በቀዳዳው ውስጥ ከላይ ስስ የፕላስቲክ ልባስ፣ ከሥሩ ካርቶን የመሰለ ነገር ከታየ ተዉት። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ እጠፉት። እውነተኛ ቆዳ ጥቃቅን መስመሮች ያወጣና ሲለቁት መልሶ ይሰበሰባል፤ ቅጂው አንድ ሹል እጥፋት ይዞ ይቀራል፣ በኋላም የሚሰነጠቀው በዚያው እጥፋት ላይ ነው። የአገራችን የደጋ በግ ቆዳ ለጓንት በዓለም የተመሰገነ ነው፤ ቀጭንና ለስላሳ በመሆኑ ግን ለማሰሪያ ብቻውን አይሆንም፣ ቀዳዳው ተለጥጦ ሞላላ ይሆናል። ፊቱ የበግ ከሆነ ውስጡ የከብት ቆዳ መሆኑን ጠይቁ።

የቆዳ ጠላቱ ላብ ነው። ከለገሃር ተነስቶ ቸርችልን በእግሩ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም የእጁ አንጓ ላይ ላብ ይይዘዋል። ጨው ያለበት ላብ የውስጡን ቆዳ ያጠቁረዋል፣ መጥፎ ሽታ ይሰጠዋል፣ ከዚያም ያደርቀውና ዘለበቱ ጋ ይሰነጥቀዋል። ቆዳ በሳሙና አይታጠብም፤ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ በጥላ ማድረቅ ይበቃል። ክረምት ሲገባ፣ ዝናብ ባለበት ቀን ባታስሩት ይመረጣል። ለሠርግ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅና ለሐበሻ ልብስ ግን ቀጭን ቆዳን የሚተካ የለም።

የብረት ሰንሰለት ላብ አይፈራም፤ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፣ ደህናው ከሰዓቱ እኩል ይኖራል። ችግሩ ለብቻው የሚሸጠው ነው። ጫፉ ላይ ያለው ጠማማ ቁራጭ የተሠራው ለአንድ ዓይነት ሰዓት ስለሆነ፣ ሌላ ሰዓት ላይ ሲገጠም ክፍተት ይተዋል ወይም ይንቀጠቀጣል። የርካሹ ሰንሰለት አንጓዎች ደግሞ ድፍን አይደሉም፤ ስስ ቆርቆሮ ታጥፎ የተሠሩ ናቸው። ከጎን ስታዩት የእጥፋቱ ስንጥቅ ይታያል፣ ስትነቀንቁት ይንሿሿል። ያ ስንጥቅ የክንድ ፀጉር ይነቅላል፣ የነጠላንም ክር ይስባል። ብረቱ 316ኤል የሚባለው የማይዝግ ዓይነት ሳይሆን በኒኬል የተለበጠ ከሆነ ማዕዘኖቹ ላይ ቢጫ ብቅ ይላል፤ ኒኬል የማይስማማው ሰው ቆዳም ያሳክከዋል። ሰንሰለት የምታሳጥሩ ከሆነ ጠዋት ሳይሆን ቀትር ላይ አስለኩት፣ እጅ በሙቀት ያብጣልና። ትንሿ ጣት በሰንሰለቱና በእጅ መካከል ከገባች ልኩ ነው። አንጓዎቹን የሚያያይዘውን ፒን የሚያወጣው ሰው በሰንሰለቱ አንጓ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለውን ቀስት አይቶ በቀስቱ አቅጣጫ ይምታ። ያወጣቸውን አንጓዎችም ተቀብላችሁ አስቀምጡ።

ጎማ ውኃ አይነካውም፤ ግን አየር አያሳልፍምና ላቡን ከሥሩ አጠራቅሞ ይይዛል። ሲሊኮን ለስላሳ ቢሆንም አቧራ ይስባል፣ ቀዳዳው ጋም ይቀደዳል። ሲከፈት ኃይለኛ የፕላስቲክ ሽታ ያለው ርካሽ ጎማ ብዙ ሳይቆይ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ወደ ናይለን ስመጣ፣ የምመርጠው አንድ ወጥ ሆኖ በሰዓቱ ሥር የሚያልፈውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር ለወታደሮቹ ያወጣው ዓይነት ነው። ጥቅሙ ቀላል ነው፦ ሰዓቱን ከማሰሪያው ጋር የሚይዙት ሁለት ፒኖች ናቸው፤ አንዱ ቢወልቅ ማሰሪያው በሌላው ሥር ስለሚያልፍ ሰዓቱ መሬት አይወርድም። ሌሎቹ ማሰሪያዎች ላይ አንድ ፒን ከወለቀ ሰዓቱ ወደቀ። ስትገዙ ቀዳዳዎቹን እዩ፤ ዙሪያቸው በሙቀት ቀልጦ ለስልሶ መታተም አለበት። ክር ብቅ ብሎ ከታየ መተርተሩ አይቀርም። ተርትሮ ከሆነም መርፌ በላይተር አግላችሁ በቀዳዳው ዙሪያ አዙሩ። እሳቱን በቀጥታ አታስጠጉት፤ የቀለጠ ናይለን ሲደርቅ ጠንክሮ እጅ ይፍቃል። በሳምንት አንዴ በሳሙና እጠቡና በፎጣ ጠቅልላችሁ ጭመቁት። በክረምት ቤት ውስጥ ቶሎ ስለማይደርቅ ነው ሁለት ግዙ የምለው። ጉድለቱ ሰዓቱን በሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ማድረጉ ነው፤ ወፍራም ሰዓት ከሸሚዝ እጅጌ ሥር አልገባም ይላል። ከሙሉ ልብስ ጋርም አይሄድም።

ስፋቱን ለማወቅ አሮጌውን ማሰሪያ አትለኩ፣ ተጨምቆ ጠቦ ይሆናል። ማሰሪያው የሚገባበትን በሁለቱ የሰዓት ጆሮዎች መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ፤ ብዙ ጊዜ 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ነው። 19 ቢሆን ናይለንና ለስላሳ ቆዳ በ20 ተጨምቆ ይገባል፣ ብረት ግን አይገባም።

ማሰሪያውን ከሰዓቱ ጆሮዎች ጋር የሚያያይዘውን ፒንም ከማሰሪያው ጋር አብራችሁ ቀይሩ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። አሮጌው ጫፉ በላብ ዝጎ ቡናማ ሆኖ ወይም ጎብጦ ይገኛል። አጭር ፒን የጆሮውን ቀዳዳ ጠርዝ ብቻ ይይዝና በትንሽ ግጭት ይዘላል። ስለዚህ ከተገጠመ በኋላ፣ ሒሳብ ሳትከፍሉ፣ ሰዓቱን በአንድ እጅ ይዛችሁ ማሰሪያውን በሌላው በሁለቱም በኩል ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ወደ ጎንም ነቅንቁት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይም አንዱ ጎን ከተንቀሳቀሰ በረጅም ፒን ይቀይርላችሁ።