የፓምፓችንን ዳይናሞ የሚጠብቀው የንዝረት መከታተያ፦ ከ9 ወር በኋላ

የግቢያችን የውሃ ፓምፕ ዳይናሞ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። ሁለቱም ጊዜ ነገሩ የጀመረው ከኩሽኔታው ነው፤ ኩሽኔታው አለቀ፣ ሮተሩ ከቦታው ሸሽቶ ስታተሩን ፋቀ፣ መጨረሻ ላይ ጥቅሉ ነደደ። መስከረም ላይ ሌላ ዳይናሞ ሲገጠም አንድ አርዱዊኖ ናኖ 33 ቢኤልኢ ቦርድና ኤዲኤክስኤል345 የሚባለውን የንዝረት ሴንሰር ገዝቼ አብሬ አስገባሁ። አሁን ሰኔ ነው፤ ሳይነቀል እየሠራ ነው።

ዳይናሞው 2 የፈረስ ጉልበት ሲሆን በደቂቃ 2880፣ በሰከንድ ደግሞ 48 ጊዜ ይዞራል። ኩሽኔታው 6205 ነው፤ 9 ኳስ አለው። የውጭው ቀለበት ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቢፈጠር ኳሶቹ በአንድ ዙር 3.58 ጊዜ ያህል፣ በሰከንድ ወደ 172 ጊዜ ይመቱታል። ይህችን 172 ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ወር የባከነው በአገጣጠም ነው። ሴንሰሩን የማራገቢያው ክዳን ላይ በማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፌው ነበር። ክዳኑ ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ በራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ፕላስተሩ ደግሞ ፈጣኑን ንዝረት ይውጠዋል። ቀለሙን ፍቄ የኩሽኔታው ቤት ላይ በኤፖክሲ ሳጣብቀው ነው ንባቡ ከቀን ቀን መመሳሰል የጀመረው። ሌላው ስህተቴ የንባብ ፍጥነቱ ነበር። ሴንሰሩ ካልተነገረው በሰከንድ 100 ጊዜ ብቻ ያነባል፤ በዚህ ፍጥነት 172ን በትክክል ማየት አይቻልም። ኤስፒአይ በሚባለው ፈጣን መገናኛ ከቦርዱ ጋር አገናኝቼ ወደ 3200 ከፍ አደረግሁት፦

```
writeRegister(0x2C, 0x0F);
```

ቦርዱ 1024 ንባብ ይወስድና ንዝረቱን በየድግግሞሹ በሚለየው ኤፍኤፍቲ በሚባል ስሌት ይተነትነዋል፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው 50 ኸርዝ ስፋት ባላቸው 32 ክፍሎች ጉልበቱን ይደምራል። ቦርዱ ላይ የጫንኩት ከምሳሌ የሚማር ትንሽ የነርቭ ኔትወርክ እነዚህን 32 ቁጥሮች ተቀብሎ በ8 ኒውሮኖች ውስጥ ያጠብባቸውና መልሶ 32ቱን ለማውጣት ይሞክራል። ሲማር የሚያስተካክላቸው ቁጥሮች፣ ማለትም ክብደቶቹ፣ ከ600 ያነሱ ናቸው፤ ለቦርዱ ምንም አይከብዱትም። ያሠለጠንኩት በጤነኛው ዳይናሞ ንባብ ብቻ ነው፤ የተበላሸ ናሙና ከየት አመጣለሁ? የሚያውቀውን ንዝረት በደንብ መልሶ ይሠራዋል፣ የማያውቀው ሲመጣ ይሳሳታል። የምከታተለው ይህንን የስህተት መጠን ነው። በጤናው ጊዜ 0.3 አካባቢ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን 0.6 ላይ አደረግሁት።

ኅዳር ላይ ያለማቋረጥ ይጮህ ነበር። ሰዓቱን ሳመሳክር ሁልጊዜ የታችኛው ሮቶ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ፓምፑ አየር ሲስብ ንዝረቱ ይቀየራል። ኔትወርኩ አልተሳሳተም፤ ያሠለጠንኩት ግን ሮቶው ሞልቶ በነበረበት ሳምንት ብቻ ነበር። ባዶ ሊሆን ሲል፣ ማታ መብራቱ ሲደክም፣ ቧንቧው በከፊል ሲዘጋ ያለውን ሁሉ ጨምሬ እንደገና አሠለጠንኩት። ፓምፑ ከተነሣ በኋላ ያሉትን 20 ሰከንዶች እንዲዘልና ፓምፑ በተከታታይ 5 ጊዜ ሲሠራ ስህተቱ 0.6ን ካላለፈ እንዳይጮህም አደረግሁ።

የካቲት ላይ ግን ሮቶው ሞልቶም ስህተቱ ከፍ ማለት ጀመረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ 0.9 ደረሰ። ኔትወርኩ «እንግዳ ነገር አለ» ከማለት አልፎ ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ስለዚህ ስህተቱ በየትኛው ክፍል እንደበዛ አወጣሁ። ከ150 እስከ 200 ያለውና ከ300 እስከ 350 ያለው ነው። ሙሉውን ስፔክትረም ስመለከት 172 አጠገብ ቀጭን ጫፍ ቆሟል፤ እጥፉ 344 አጠገብም ሌላ አለ።

ዳይናሞ የሚጠግኑልንን ጋሼን ጠራኋቸው። የካቻቢቴውን ጫፍ ኩሽኔታው ቤት ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «ልጄ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉኝ። እንዲፈቱት ለመንኳቸው። ኩሽኔታውን አውጥተው በነጭ ጋዝ አጠቡትና ቀለበቱን በጥፍራቸው ዳሰሱ። አንድ ቦታ ላይ ጥፍራቸው ያዝ አደረጋቸው። «ንካው እስቲ፣ እዚህ ጋ» አሉ፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ነበረች። ጥቅሉ አልተነካም፣ የተቀየረው ኩሽኔታ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ግን ብልሽቱን ገና ሲጀምር ያዘው ማለት አይደለም። የኩሽኔታ ጉዳት መጀመሪያ የሚሰማው በብዙ ሺህ ኸርዝ ላይ ነው፤ ይህ ሴንሰር ከ1600 በላይ አያይም። እኔ ያገኘሁት የሳምንታት ፋታ ነው። ለአንድ ግቢ ፓምፕ በቂ ነው፤ ለአንድ ቀን እንኳ መቆም ለማይችል ፋብሪካ ግን ፈጣን ሴንሰር እንዲገዙ እመክራለሁ። የጥቅሉን ሙቀትና የሽቦውን ሽፋን መዳከምም በንዝረት አልጠብቅም፤ የሙቀት መከላከያው እንዳለ ነው።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር፦ አዲሱ ኩሽኔታ በገባ ማግስት ስህተቱ 0.7 ሆነ። ኔትወርኩ የተማረው የድሮውን ኩሽኔታ ድምፅ ነው፣ ለእሱ አዲሱም እንግዳ ነው። ማስጠንቀቂያውን ለአንድ ሳምንት ዘግቼ ንባብ ሰበሰብሁና ከዜሮ አሠለጠንኩት። ከዚያ ወዲህ ከ0.3 አልወጣም።