ብሉቱዝ ስፒከሬ ከወራት በኋላ፤ ደሴ ውስጥ ከጎረቤት አዛውንቶች ጋር

ስፒከሩን የገዛሁት እዚሁ ደሴ፣ ከአንድ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ነው። ስመ ጥር ዕቃ አይደለም። በእጅ የሚንጠለጠል፣ ሬዲዮ ያለው፣ ሚሞሪ ካርድም የሚቀበል፣ በየቤቱ የምናየው ዓይነት ነው። ክረምቱን ሙሉ ሠርቷል። ድምፁ ለሳሎንም ለበረንዳም ይበቃል። የመንዙማው ድቤ ጎልቶ ይሰማል፤ እስከ መጨረሻው ካልከፈቱት በቀር አያንባርቅም። ስለ ድምፁ ይህን ካልኩ ይበቃል።

እኔ ይበልጥ ያየሁት ሌላውን ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ያለ ልጅ እርዳታ ሊያገናኙት ይችላሉ ወይ? በቅሬያችን ብዙ አዛውንቶች ከዓረብ አገር ልጆቻቸው የላኩላቸው ጥሩ ጥሩ ስልክ አላቸው። ጆሯቸው ግን ደክሟል፤ የስልኩ ድምፅ አይበቃቸውም። ስለዚህ እኛ ቤት ለቡና ሲሰበሰቡ ማገናኘት አስተምራቸው ጀመር። እየደጋገምኩ የምነግራቸው ይህን ነው፦

«እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ አብሽሩ! ይህ ነገር ካርድ አይበላም። ስልካችሁ ውስጥ ያለውን ድምፅ በአየር ወደ ስፒከሩ ያሻግራል፣ በቃ። ከኢንተርኔት የምታዳምጡ ከሆነ የሚቆጥርባችሁ ኢንተርኔቱ ነው እንጂ ብሉቱዙ አይደለም።

መጀመሪያ ስፒከሩን እናብራ። ቀይ የቀባኋትን ቁልፍ ተጫኑና ያዟት። ድምፅ እስኪያሰማ አትልቀቋት። ሰማያዊው መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ካለ ስልክ እየጠበቀ ነው።

ቀጥሎ ስልካችሁን ያዙ። ከላይ ወደ ታች በጣታችሁ ሳቡት። የብሉቱዝን ምልክት አገኛችሁ? ነክታችሁ አትተዉት፤ ጣታችሁን እላዩ ላይ አቆዩ። ዝርዝር ይከፈትላችኋል። እዚያ BT SPEAKER የሚለውን ንኩ። Pair ብሎ ከጠየቃችሁ እሺ በሉት። ይህን የሚጠይቀው መጀመሪያ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስሙን መንካት ብቻ ይበቃል። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዛችሁ ደግሞ ቁጥር ሲጠይቃችሁ 0000 ጻፉ።

ስፒከሩ ድምፅ አሰምቶ መብራቱ ከረጋ ተገናኝቷል። መንዙማውንም መዝሙሩንም ክፈቱ።

አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ስፒከሩ በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንድ ስልክ ነው። ስትደውሉ መስመሩ ተይዟል እንደሚላችሁ ነው፤ የያዘው ካልለቀቀ ሌላው አይገባም። የጨረሰ ሰው ብሉቱዙን ያጥፋና ለተረኛው ይልቀቅ። በሉ አሁን እናንተ ንኩ፤ እኔ አያለሁ።»

የካርዱን ነገር መጀመሪያ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሒሳብ ይቆረጥብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይሰጠኛል እንጂ ራሱ አይነካም። ያ ስጋት ሲወገድ ጣቱ ይፈታል።

የመጨረሻዋን ምክር የጨመርኳት ደግሞ ከአዛውንቶቹ አንዱ፣ ሐጂ፣ በገጠማቸው ነገር ነው። ሐጂ ጎበዝ ናቸው፤ ቤታቸው ይዘውት እንዲሄዱ ስፒከሩን አውሼአቸው ነበር። ከዚያ በፊት እኛ ቤት በደንብ አገናኝተውት ነበር። በማግስቱ «ተበላሽቷል መሰለኝ» ብለው አስጠሩኝ። ሄድኩ። ስሙ ስልካቸው ላይ አለ። ሲነኩት ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ ማገናኘት አልተቻለም ይላል። ስልኩን ከማየቴ በፊት የስፒከሩን መብራት አየሁ። ብልጭ ድርግም አይልም፤ ረግቷል። የረጋ መብራት ማለት አንድ ስልክ ይዞታል ማለት ነው። የማን ስልክ ነው? የልጅ ልጃቸው ማታ ሙዚቃ ከፍቶበት ኖሯል። አሁን በረንዳ ላይ ተቀምጧል፣ ምንም አላጫወተም፤ ግን ብሉቱዙ እንደበራ ነው። እንዲህ ያለ ስፒከር ሲበራ መጀመሪያ የሚፈልገው የመጨረሻ ጊዜ ያገናኙትን ስልክ ነው። ሐጂ ቁልፉን ሲጫኑ የልጁ ስልክ ቀድሞ ገባ። ልጁ ብሉቱዙን አጠፋ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፣ ሐጂ ስሙን ነኩ፣ ገባላቸው። ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ «አልሠራ አለኝ» የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው መብራቱ ረግቷል ወይስ ብልጭ ይላል ብዬ ነው።

ስሙ ጭራሽ ዝርዝሩ ውስጥ ካልመጣስ? የእኔው ስፒከር ሚሞሪ ካርድ ከተሰካበት ሲበራ በቀጥታ ካርዱን ማጫወት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ስልክ አያየውም። M የምትለውን ቁልፍ እየተጫኑ ወደ ብሉቱዝ መመለስ ነው። እማማ ሁልጊዜ የሚያስቸግራቸው ይህ ስለነበር ካርዱን አውጥቼ አስቀመጥኩት።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። የድምፅ መጨመሪያዋና ዘፈን ማሳለፊያዋ አንድ ቁልፍ ናት። ነካ ሲያደርጓት ወደሚቀጥለው ታልፋለች፤ ድምፅ የምትጨምረው ተጭነው ሲይዟት ነው። ለአዛውንት ይህ ክፉ አሠራር ነው። እማማ መንዙማው መሐል ላይ ሲደርስ ከፍ ላድርገው ብለው ነካ ያደርጋሉ፣ ወደ ሌላ ይዘልባቸዋል፣ ይናደዳሉ። እውነታቸውን ነው። አሁን የስፒከሩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ትቼ፣ መጨመርና መቀነሱን ስልካቸው ላይ ባለው ቁልፍ አስለምጃቸዋለሁ። በዚያ ላይ ቁልፎቹም ጽሑፋቸውም ጥቁር ነው። እኔ እንኳ ያለ መብራት አላነበውም። ማብሪያው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ያደረግሁት ለዚህ ነው፤ ሲደርቅ ጎበጥ ስለሚል ዓይን ባያየው ጣት ያገኘዋል። ወራት አልፎ እስካሁን አልለቀቀም።

ሌላው የስልክ ጥሪ ነው። ስፒከሩ ማይክ ስላለው፣ ተገናኝቶ ሳለ ጥሪ ሲመጣ የደዋዩ ድምፅ በስፒከሩ ይወጣል። ከሳዑዲ የደወለች ልጅ የቤት ጉዳይ ስታወራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ይህ ነውር ነው፤ ሰው ሳያፍር ቀድሞ መዝጋት ያስፈልጋል። አንድሮይድ ላይ ከስፒከሩ ስም አጠገብ ያለችውን ዙሪያዋን ጥርስ ያላት የክብ ምልክት ሲነኩ Phone calls ወይም Calls የሚል መቀያየሪያ ይመጣል። እሱን አጠፋዋለሁ። መንዙማው በስፒከሩ፣ ጥሪው በስልኩ ይሆናል። ይህን ለእያንዳንዱ ሰው እኔው አስተካክልለታለሁ፤ አላስተምረውም፤ አንዴ ከተደረገ ስለማይነካ።

ርቀቱ በተለምዶ ወደ 10 ሜትር ነው ይባላል። ሜዳ ላይ እውነት ነው። በሰፈራችን የድንጋይ ግንብ ግን ስልኩን ይዘው ጓዳ ሲገቡ ድምፁ ይቆራረጣል። ስልኩን ስፒከሩ ያለበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው መፍትሔው።

ባትሪው ከመጀመሪያው ትንሽ ደክሟል፣ ግን ከቡና አልፎ እስከ ማታ ይደርሳል። መብራት እንደ ልብ ስለሌለ፣ ሲመጣ እሰካዋለሁ፤ ባዶውን ከርሞ እንዲቀመጥ አላደርግም።

ለእናቱ ወይም ለአባቱ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሱቁ ውስጥ እያለ ሦስት ነገር ይሞክር። የድምፅ መጨመሪያው ራሱን የቻለ ቁልፍ ይሁን። ሲገናኝ ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማ፤ ቀን ላይ መብራቱ ለደካማ ዓይን አይታይም። የሁለት ሰው ስልክ ተራ በተራ አገናኝቶ፣ የመጀመሪያው ሲለቅ ሁለተኛው ቶሎ መግባቱን ይይ። የእኔው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያሟላል፣ የመጀመሪያውን አያሟላም። ለራሴ ደግሜ እገዛዋለሁ። ለእማማ ግን ሌላ እየፈለግሁ ነው።