በስህተት የላካችሁትን ገንዘብ «እናስመልስላችኋለን» ለሚሏችሁ አትክፈሉ

ባለፈው ወር አንድ አርብ ማታ ለቤቴ በርና መስኮት ለሠራልኝ ብረት ሠሪ 46,500 ብር መላክ ሲገባኝ ለሌላ ሰው ላክሁ። የባንኬ መተግበሪያ ከዚህ በፊት ገንዘብ የላክሁላቸውን ሰዎች በዝርዝር ያስቀምጣል። በዝርዝሩ ውስጥ የመጀመሪያ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ብረት ሠሪው ነው። ሁለተኛው ከዓመት በፊት ያገለገለ ማቀዝቀዣ የሸጠልኝና ስልኩን እንኳ ያላስቀመጥሁት ሰው ነው። የምስጢር ቁጥሬን ከማስገባቴ በፊት መተግበሪያው የተቀባዩን ስም ከነአባቱ አሳይቶኛል፤ እኔ ግን ያነበብሁት የመጀመሪያውን ስም ብቻ ነበር። ብረት ሠሪው ደውሎ «ምንም አልገባልኝም» ሲለኝ ነው ደረሰኙን ከፍቼ የአባቱን ስም ያየሁት።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ስለገጠመኝ ነገር ነው። ወደ ባንኩ የስልክ አገልግሎት ደወልሁ። ያነሳችው ሠራተኛ ቅሬታዬን መዘገበችና ገንዘቡን ከእኔ በኩል መልሶ መሳብ እንደማይቻል፣ ጠዋት መታወቂያ ይዤ ቅርንጫፍ መሄድ እንዳለብኝ ነገረችኝ። እስከ ጠዋት ሰውየው ቢያወጣውስ? በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ በቴሌግራም አንድ የሸማቾች ቡድን ውስጥ የሆነውን ሁሉ ጻፍሁ፤ የገንዘቡን መጠን ጭምር።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የባንኩን አርማ ፎቶው ያደረገ ሰው በግል መልእክት ላከልኝ። «የደንበኞች ቅሬታ ክፍል ነን፤ ገንዘብዎ ገና አልወጣም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንመልሳለን» አለ። የማስመለሻ ክፍያ ብሎ 1,500 ብር ጠየቀኝና ሒሳብ ቁጥር ላከ። «ገና አልወጣም» የሚለው ቃል ልቤን አሸነፈውና ከፈልሁ። ወዲያው ስልኬ ላይ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር በአጭር መልእክት ገባ። ሰውየው «የማረጋገጫ ቁጥሩን ይላኩልን» አለኝ። ልልክ ጣቴን አንስቼ መልእክቱን እንደገና ሳነበው «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» ይላል። ቁጥሩ የመጣው የእኔን የሞባይል ባንክ አገልግሎት በሌላ ስልክ ላይ ለማስጀመር ነበር። ብሰጠው ኖሮ በሒሳቤ የቀረውን ሁሉ በራሴ ስም ይልከው ነበር።

1,500 ብሩ የገባው በአንድ ግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ነው፤ ይህንንም ከመክፈሌ በፊት መተግበሪያው አሳይቶኝ ነበር። እባካችሁ ይህን ያዙ፦ ባንክ የአገልግሎት ክፍያ ቢኖረው ከሒሳባችሁ ራሱ ይቀንሳል እንጂ ወደ ሰው ሒሳብ አስገቡልኝ አይልም። በአጭር መልእክት የመጣላችሁን ቁጥርም ሆነ የምስጢር ቁጥራችሁን የባንክ ሠራተኛ በምንም ምክንያት አይጠይቅም።

ከሁሉም በላይ ግን ሰውየው የገባልኝ ቃል ራሱ ሊሆን የማይችል ነገር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አስረዳኝ። ሒሳብ ቁጥሩ የማይገኝ ቢሆን ኖሮ ዝውውሩ አይሳካም፣ ገንዘቡም ወደ እኔ ይመለስ ነበር። የሰው ሒሳብ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ባንኩ በላኪው ቃል ብቻ አውጥቶ አይመልስም፤ የሒሳቡ ባለቤት መፍቀድ አለበት፣ ካልፈቀደ ደግሞ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ማድረግ የማይችለውን ነገር በቴሌግራም «በአንድ ሰዓት እጨርሳለሁ» የሚል ሰው ሌባ ነው።

በቅርንጫፉ የሆነው እንዲህ ነው። ማመልከቻ ጻፍሁ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የገንዘቡን መጠን፣ የተላከበትን ሒሳብ፣ ልልክበት የነበረውን ትክክለኛ ሒሳብና በደረሰኙ ላይ ያለውን የግብይት መለያ ቁጥር አሰፈርሁ። የመታወቂያዬን ቅጂና የደረሰኙን ኅትመት አያያዝሁ። ከሁሉም የጠቀመኝ የመለያ ቁጥሩ ነው፤ ሠራተኛዋ ያንን አስገብታ ዝውውሩን በአንድ ጊዜ አገኘችው። የማመልከቻዬ ቅጂ ላይ ማህተምና ቀን እንዲደረግልኝ ጠየቅሁ፤ ለምን እንደጠቀመኝ በኋላ እነግራችኋለሁ። የተቀባዩን ስልክ ስጠይቃት ግን አልሰጠችኝም፤ የደንበኛ ምስጢር ነውና አልተቀየምኋትም። እሷው ደወለችለት። ስልኩ ዝግ ነበር።

የላካችሁት ወደ ሌላ ባንክ ከሆነም መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ራሳችሁ ባንክ ነው፤ ለተቀባዩ ባንክ የሚጽፈው እሱ ነው። በቴሌብር የላካችሁ ደግሞ በ127 ወዲያው አመልክቱ።

ሰውየው ማክሰኞ ተገኘ። 20,000 ብሩን አውጥቷል። ከየት እንደመጣ እንዳላወቀ፣ ዕዳ ያለበት ዘመድ የላከለት መስሎት እንደነበር ለባንኩ ተናገረ። እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ግን መጥቶ ፈረመ፣ የቀረው 26,500 ብርም በዚያው ቀን ወደ ሒሳቤ ተመለሰ። ለ20,000ው «ሲኖረኝ እከፍላለሁ» አለ።

እዚህ ላይ ጠበቃ የሆነ የአክስቴ ልጅ ሕጉን ከፍቶ አሳየኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2162 ጀምሮ አላግባብ ስለመበልጸግ ይደነግጋል። አንቀጽ 2164 ደግሞ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል ይላል። ስህተቱ የእኔ መሆኑ መብቴን አያስቀረውም። የሚያስፈራው አንቀጽ 2163 ነው። ተቀባዩ ጥያቄው ከመቅረቡ በፊት ገንዘቡን በቅን ልቦና አጥፍቶ በእጁ ምንም ጥቅም እንዳልቀረ ካስረዳ፣ በዚያ መጠን አልመልስም ብሎ ሊከራከር ይችላል። የእሱ እንዳልሆነ እያወቀ ካወጣው ግን ይህ መከራከሪያ አያድነውም።

ማህተም ያረፈበት ማመልከቻ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እኔ በየትኛው ቀን እንደጠየቅሁ ያስረዳል። ባንኩ ለተቀባዩ የደወለበት ቀንም እንዲመዘገብ ጠይቁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚያወጣውን እያንዳንዱን ብር የሰው መሆኑን እያወቀ ነው የሚያወጣው። የአክስቴ ልጅ ቀኑን ጠቅሶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አዘጋጀልኝና በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልከፈለ ክስ እንደምመሠርት አስታወቅነው። ፈቃደኛ ያልሆነና ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ቢሆን ኖሮ የሒሳቡን ባለቤት ስምና አድራሻ ባንኩ እንዲገልጽ ፍርድ ቤቱን ማመልከት ነበረብን። ለዚህ ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል፤ ላኪው የላከው ሦስት መቶ ብር ቢሆን አይመከርም።

ማስጠንቀቂያው በደረሰው በስድስተኛው ቀን 12,000 ብር አስገባልኝ። ለቀሪው 8,000 ብር በሁለት ምስክር ፊት የክፍያ ውል ፈርሟል።

1,500 ብሩን ለፖሊስ አመልክቻለሁ፤ እስካሁን አልተመለሰም። የባንክ አርማ ፎቶው ያደረገው ሰው ዛሬም በዚያው ቡድን ውስጥ አለ፤ ትናንት ማታ አንዲት እናት ለልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ ተሳስታ እንደላከች ስትጽፍ ከሥሯ «በውስጥ ያናግሩን» ብሎ ሲመልስላት አየሁት።