«ግሎብ ነው» ሲሏችሁ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ሳታዩ አትክፈሉ

ይህን የምጽፈው በሸዋሮቢትና በቀወት ወረዳ በሞተር ውሃ እየሳባችሁ ሽንኩርትና አትክልት ለምታለሙ፣ እንዲሁም ለቤት ወይም ለማኅበር የውሃ መስመር ለምትዘረጉ ነው። ሙያዬ የቧንቧ ሥራ ነው። በዚህ ዓመት ለጥገና ከተጠራሁባቸው መስመሮች በብዙዎቹ ያገኘሁት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ውሃ ለመቀነስ የማይሆን ቫልቭ ለመቀነሻ ተብሎ ተሽጦ፣ ግሎብ በሚባለው የውሃ መቀነሻ ቫልቭ ዋጋ ተከፍሎበት።

አንዱን ጉዳይ በዝርዝር ልንገራችሁ። ሮቢ ወንዝ ዳር ያሉ አራት ጎረቤታሞች በአንድ ሞተር ይጠቀማሉ። ከሞተሩ የሚወጣው ዋና መስመር 3 ኢንች ሲሆን ወደ አራቱ ማሳ የሚገነጠሉት 2 ኢንች ናቸው። ለሞተሩ የሚቀርቡት ሁለቱ ማሳዎች ውሃውን ጠጥተው ይጨርሱታል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ይደርቃል። ስለዚህ የሚያስፈልጋቸው በቅርቦቹ ሁለት መስመሮች ላይ ውሃውን አፍኖ ለሩቆቹ የሚያተርፍ ነገር ነበር። ይህንኑ ለነጋዴው ነገሩት። እሱም «ግሎብ ነው፣ እንደፈለጋችሁ ይቀንስላችኋል» ብሎ ክብ እጀታ ያላቸው አራት ቫልቮች ሰጣቸው። ደረሰኙ ላይ የሰፈረው ግን «ቫልቭ 2 ኢንች» ብቻ ነው። የሰጣቸው ጌት ቫልቭ ነበር።

ጌት ቫልቭ ውስጥ አንድ ሽብልቅ አለ። እጀታውን ስታዞሩ ሽብልቁ ወደ ላይ ተነስቶ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ይለቃል፣ ሲወርድ ደግሞ መቀመጫው ላይ ገብቶ ይዘጋል። እስከ ጥግ ሲከፈት ውሃው ምንም ሳያግደው ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ለመክፈትና ለመዝጋት ጥሩ ዕቃ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው መሃል ላይ ሲቆም ነው። በመጀመሪያ፣ ግማሹን ብትዘጉትም ውሃው ያን ያህል አይቀንስም። የሚታይ ለውጥ የሚመጣው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ እጀታውን ትንሽ ብትነኩት ውሃው በብዙ ይለዋወጣል። ሁለተኛውና የባሰው፣ በዚያ ቦታ ላይ ሽብልቁ መቀመጫው ውስጥ አልተጣበቀም፣ በዘንጉ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ውሃው በታችኛው ጠባብ ክፍተት በኃይል ሲወጣ ሽብልቁን ያንቀጠቅጠዋል። በዚያ ላይ የሮቢ ውሃ ዝናብ ሲጥል ደለል ይዞ ይመጣል። ደለል ያለበት ፈጣን ውሃ የሽብልቁን የታች ጠርዝና ከሥሩ ያለውን መቀመጫ እየበላ ይሄዳል።

ጎረቤታሞቹም ሁለቱን ቫልቮች ሩብ ያህል ከፍተው አንድ የሽንኩርት ወቅት ሙሉ ተዉአቸው። ከዚያ ከአንዱ ቫልቭ በታች ያለው ፕላስቲክ ቱቦ ተቀደደ። የማሳው ባለቤት፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ አባት፣ ሊጠግኑት እጀታውን እስከ ጥግ አዞሩ። «ልጄ፣ ዘጋሁት እኮ፣ ውሃው ግን አልቆመም» አሉኝ። ለአንድ ቱቦ ጥገና ሲባል የአራቱም ማሳ ሞተር መጥፋት ነበረበት። ቫልቩን ፈትቼ ሳየው የሽብልቁ ከንፈር በታች በኩል ተቦርቡሯል፣ የናሱ መቀመጫም ጣት የሚይዝ ቦይ ወጥቶበታል። እንዲህ የሆነ ቫልቭ መቀነሱም መዝጋቱም ቀርቷል።

ሱቅ ውስጥ ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ክብ እጀታቸው ስለሚመሳሰል እሱን አትመልከቱ። ቫልቩን እስከ ጥግ ክፈቱና በአንደኛው አፍ በኩል ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ። ወዲያ ማዶ ቁልጭ ብሎ ከታያችሁ ጌት ነው። ግሎብ ውስጥ ግን መሃል ላይ ግድግዳ ስላለ ውሃው ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ይወርዳል፤ ሙሉ ለሙሉ ከፍታችሁትም ማዶው አይታይም። ሆዱ ከጌቱ ይልቅ ድቡልቡል ነው፣ አካሉ ላይም የውሃውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ይኖረዋል። ቀስቱን ተከትላችሁ ግጠሙት።

ግሎብ ለመቀነስ የሚሆነው ክዳኑ ወደ ላይ የሚወጣውን ውሃ ፊት ለፊት እየገጠመ ወደ መቀመጫው ስለሚወርድ ነው። እጀታው በዞረ ቁጥር ውሃው ቀስ እያለ በተመጣጠነ መንገድ ይቀንሳል፣ ክዳኑም በዘንጉ ጫፍ ተይዞ ስለሚቆም አይንቀጠቀጥም። ብዙዎቹ ክዳናቸው ሲያልቅ ይቀየራል። ይሁን እንጂ ደለል ግሎብንም ይጎዳል፤ ከፊቱ ወንፊት ግጠሙና በየጊዜው አጽዱት።

በሌላ በኩል «ሁሉንም ግሎብ አድርጉት» የሚል ሻጭም ኪሳራ ውስጥ ይከታችኋል። ባለ 2 ኢንች ግሎብ ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ እንኳ ውሃውን 17 ሜትር ያህል ተጨማሪ ቧንቧ እንዳለፈ ያህል ያደክመዋል። ጌት ሙሉ ሲከፈት ግን ግማሽ ሜትር ቧንቧ እንኳ አይሆንም። በሞተር ከሆነ የምትከፍሉት በነዳጅ ነው። እንደ ደብረ ሲና ባለ ገደላማ ቦታ ከምንጭ ራሱ በሚወርድ መስመር ላይ፣ በተለይ በምንጩና በቦኖው መካከል ያለው ከፍታ አነስተኛ ከሆነ፣ ያለ ቦታው የገባ ግሎብ ቦኖው ላይ የሚደርሰውን ውሃ ያሳንሰዋል።

ባለ መያዣው ቦል ቫልቭ ሩብ ዙር ሲዞር ይከፈታል ወይም ይዘጋል። ለመዝጊያ ከጌቱ ይልቅ እኔ የምመርጠው እሱን ነው፣ ደለል ያለበት ውሃ ላይም የጌቱ የታች ጎድጓዳ ስለሚሞላ። መሃል ላይ አታቁሙት እንጂ፤ ኳሱን የሚይዘው ቴፍሎን በአንድ ወገን ይቆረጥና ማንጠባጠብ ይጀምራል። ስትዘጉም ቀስ በሉ፤ የሚሮጥ ውሃ በድንገት ሲቆም የሚፈጥረው ግፊት ቱቦ ያፈነዳል።

ቢራቢሮ ቫልቭ የሚያዋጣው ከፍ ላሉ መስመሮች ነው፣ 4 ኢንችና ከዚያ በላይ። ለመዝጋትም ለመቀነስም ይሆናል፣ ግን መቀነሻው ከመሃል አካባቢ ነው፣ በግምት ከ30 እስከ 70 ዲግሪ። ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ለረጅም ጊዜ ከተዋችሁት ጎማውን ውሃው ይበላዋል።

ለነዚያ ጎረቤታሞች ያስተካከልኩት እንዲህ ነው። በቅርቦቹ ሁለት ማሳዎች መስመር ላይ ብቻ ግሎብ ገባ፣ ከፊቱም ቦል ቫልቭ። ግሎቡ አንዴ ተለክቶ ይቀመጣል፣ መክፈትና መዝጋቱ በቦሉ ነው። ሩቆቹ ሁለቱ የሚያስፈልጋቸው ቦል ብቻ ነው። ማለትም አራት መቀነሻ ሳይሆን ሁለት ይበቃ ነበር፤ ነጋዴው ግን አራቱንም በግሎብ ዋጋ ነው ያስከፈላቸው። ሊመልሱለት ሲሄዱ «ደረሰኙ ላይ ቫልቭ ነው የሚለው፣ ቫልቭ ሰጥቻለሁ» አላቸው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ የዓይነቱን ስም፣ መጠኑንና ለመቀነሻ መሆኑን አጽፉ። ይህን አልጽፍም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ጌቱን አስቀድማችሁ የገዛችሁ እጃችሁን አካሉ ላይ አሳርፉ። ከተንቀጠቀጠ ወይም ካጉረመረመ ሽብልቁ እየተበላ ነው። እስከ ጥግ ዘግታችሁ ከበታቹ ያለውን ቱቦ ፍቱና ውሃ የሚያልፍ መሆኑን እዩ። ገና ጠብቆ የሚዘጋ ከሆነ አትጣሉት፤ እስከ ጥግ ክፈቱትና እንደ መዝጊያ ተጠቀሙበት፣ ግሎቡን ከእሱ በታች ግጠሙ።